ክፍሉን ያጋለው ግራፊክስ ካርድ፦ ከባሕር ዳር የተገኘ የጉዳይ ጥናት

## ክፍሉና ኮምፒውተሩ

ጉዳዩ የተፈጠረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ባለ አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ጊዜው 2017 ዓ.ም.፣ የካቲት ነበር። ተከራዩ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ወጣት ነው። ለአርክቴክቶች የሕንፃ ምስል ብሌንደር በሚባል የሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ይሠራል። ማታ ሥራውን ሲጨርስ ጌም ይጫወታል። ስሙን አልጠቅስም። ቁጥሮቹን ግን እንድጽፋቸው ፈቅዶልኛል።

ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ነው። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ስስ ኮርኒስ አለው። ያለው አንድ መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥታ ይገባበታል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሕር ዳር የከረመ ሰው ይህን ሰዓት ያውቀዋል። ውጭው 29 ወይም 30 ዲግሪ ሲሆን ቆርቆሮ ሥር ያለው ክፍል ከዚያ ያልፋል። ሲመሽ ውጭው ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን መስኮት ከፍቶ መቀመጥ አይቻልም። መብራት ከበራ ትንኙ ተግተልትሎ ይገባል። ስለዚህ ልጁ ጌም የሚጫወተው መስኮቱንም በሩንም ዘግቶ ነበር።

ኮምፒውተሩ ጠንካራ ነው። ያገለገለ RTX 3080 ግራፊክስ ካርድ አለው። ይህ ካርድ ከፋብሪካ ሲወጣ 320 ዋት እንዲወስድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሞኒተሩ ግን ተራ ነው፤ በሰከንድ 75 ምስል ብቻ ያሳያል። ይህ አለመመጣጠን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

## ችግሩ እንዴት ወደ እኔ መጣ

መጀመሪያ የተነሳው የመብራት ሒሳብ ነው። በግቢው ውስጥ አንድ ዋና ቆጣሪ ነው ያለው። አከራይዋ ክፍያው ከወር ወር ሲያሻቅብ ቢያዩ ተከራዮቹን ጠየቁ። ሁሉም «ምጣዱ ነው» አሉ። እሳቸው ግን ምጣዱን ለዓመታት ሲጋግሩበት ኖረዋል፤ ሒሳቡ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አንድ ማታ ወደ ልጁ ክፍል ጎራ ሲሉ ሙቀቱ ከበሩ ላይ ተቀበላቸው። «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ምን እያበሰልክ ነው?» አሉት። ከዚያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው ለእሱ ክፍል ብቻ ትንሽ ቆጣሪ አስገጠሙ። የየካቲት ንባብ 121 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ።

ቁጥሩን ከምጣዱ ጋር እናስተያየው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል። እሳቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ሁለት ሰዓት ያህል ይጋግራሉ። ይህ በወር ወደ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የአንድ ልጅ ክፍል የቤተሰቡን እንጀራ ከሚጋግረው ምጣድ ሁለት እጥፍ ወስዷል ማለት ነው። ምጣዱ በቅጽበት ብዙ ይስባል፤ ነገር ግን ሥራው አልቆ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ ይስባል።

ልጁ ኮምፒውተሩን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ጥያቄው ሌላ ነበር። «ካርዱ ይግላል፤ ፓስታውን ቀይርልኝ» ነው ያለኝ። በካርዱ ቺፕና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ፓስታ ግን ደህና ነበር።

## እሱ አስቀድሞ የሞከራቸው

ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ነገር ሞክሯል። የካርዱን ፋን መቶ በመቶ እንዲዞር አደረገ። የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን አውልቆ አስቀመጠ። ከዚያም ቬንትሌተር ገዝቶ ወደ ተከፈተው ጎን አዞረው። የካርዱ ሙቀት ከ83 ወደ 74 ዲግሪ ወረደ። ክፍሉ ግን እንደ ድሮው ጋለ። እሱም ግራ ገባው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። የካርዱ ሙቀትና ክፍሉ ውስጥ የሚገባው ሙቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርዱ 300 ዋት ከወሰደ 300 ዋት ሙቀት ይወጣዋል። ጌሙ የሚያምር ምስል ስላሳየ የሚቀር ነገር የለም፤ ኤሌክትሪኩ በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ፋኑ የሚሠራው ያንን ሙቀት ከካርዱ አንሥቶ ወደ ክፍሉ መግፋት ብቻ ነው። ፋኑ ሲፈጥን ካርዱ ቶሎ ይገላገለዋል፤ ክፍሉም ያንኑ ሙቀት ይቀበላል። አንድ ባለሙያ የውኃ ማቀዝቀዣ እንዲገዛ መክሮት ነበር። ቢገዛ ኖሮ ውጤቱ ያው ይሆን ነበር፤ ውኃውም ሙቀቱን የሚያራግፈው እዚያው ክፍል ውስጥ ነውና።

የእኛ ከተማ ከፍታም እዚህ ላይ አለበት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ከወደብ ከተማ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ሙቀት የሚሸከመው በትንሹ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ፋኑ በለሆሳስ ሲዞር ያየነው ካርድ እዚህ ይጮኻል። ይህ የካርዱ ጉዳይ ነው። ክፍሉን ለማቀዝቀዝ ግን አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ ዋቱን መቀነስ።

## ከመንካታችን በፊት የለካነው

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያና አንድ ትንሽ ቴርሞሜትር ይዤ ነበር። ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን አንድ ላይ በመለኪያው አሳለፍናቸው።

ጽሑፍ ሲጽፍ ወይም ሞዴል ሲሠራ 110 ዋት ያህል ነበር። ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለትም ከሞዴሉ የመጨረሻውን ምስል ሲያወጣ፣ 460 ዋት ሆነ። ሁልጊዜ የሚጫወተውን የእግር ኳስ ጌም ሲከፍትም ያው 460 ዋት ሆነ። ፍሬም የሚባለው ካርዱ የሚሠራው እያንዳንዱ ምስል ነው፤ ቆጣሪውን ስናየው በሰከንድ ከ200 በላይ ፍሬም ይሠራል። ሞኒተሩ የሚያሳየው 75ቱን ነው። የቀሩት ተሠርተው ዓይን ሳያያቸው ይጣላሉ፤ ሙቀታቸው ግን ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ከዚያ እራት መጣና ልጁ ጌሙን ሜኑ ላይ ትቶት ተነሣ። ማንም አይጫወትም። ስክሪኑ ላይ አንድ ቆሞ የሚወዛወዝ ተጫዋችና ጥቂት ቁልፎች ብቻ አሉ። መለኪያው ግን 430 አካባቢ ቆሟል። ከካርዱ ቀጭን ጢዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። ፍሬሙን ስናይ ከ600 አልፏል። ሜኑ ቀላል ምስል ስለሆነ ካርዱ ማንም ሳይጠይቀው የቻለውን ያህል ይሠራዋል። ልጁ በየማታው እራት ሲበላ፣ ስልክ ሲያወራ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ ሲወስደው ጌሙን እዚያው ሜኑ ላይ ነበር የሚተወው።

የክፍሉንም ሙቀት መዘገብን። ማታ 1 ሰዓት ላይ መስኮቱና በሩ እንደተዘጉ 28.1 ዲግሪ ነበር። ሁለት ሰዓት ከተጫወተ በኋላ 32.7 ሆነ።

## አንደኛው እርምጃ፦ ፍሬሙን መገደብ

NVIDIA Control Panel የተባለውን የካርዱን ማስተካከያ ፕሮግራም ከፈትን። Manage 3D settings ውስጥ Max Frame Rate የሚል አለ። መጀመሪያ 60 አልኩት። ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል ብዬ ነው። ዋቱ ደህና ወረደ፤ ነገር ግን ኳሷ ሜዳ ላይ ስትንከባለል እየተንተፋተፈች ሆነ። ልጁ ወዲያው አየው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሞኒተሩ በሰከንድ 75 ጊዜ ይታደሳል። 60 ፍሬም ለ75 ዕድሳት እኩል አይከፋፈልም። ስለዚህ አንዳንዱ ፍሬም አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይታያል። ዓይን ይህን እንደ መንገዳገድ ያየዋል። ከካርዱ ጋር የሚናበብ ዓይነት ሞኒተር ቢሆን ችግሩ አይመጣም ነበር፤ የእሱ ግን ተራ ነው። መውጫው ሁለት ነው። ወይ ሞኒተሩን ራሱን ዊንዶውስ ውስጥ ወደ 60 ዝቅ አድርጎ ገደቡንም 60 ማድረግ፣ ወይ ገደቡን 75 ማድረግ። እሱ 75ን መረጠ።

በ75 ስንሞክር ግን ዋቱ የጠበቅኩትን ያህል አልወረደም። ካርዱ ብቻውን 175 ዋት ላይ ቆመ። ለዚህ ሥራ ብዙ ነው። ስንፈልግ Power management mode የሚለው Prefer maximum performance ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አንድ ቪዲዮ አይቶ ነው የቀየረው። ይህ ምርጫ ካርዱ ሥራ ቢቀንስበትም ፍጥነቱንና ቮልቴጁን እንዳያወርድ ያስገድደዋል። ቆሞ እያለ ሞተሩን እንደሚያስጮህ ባጃጅ ማለት ነው። ወደ Normal ስንመልሰው ካርዱ 135 ዋት ላይ አረፈ። የሶኬት መለኪያው 250 አለ። 460 የነበረው ነው።

እዚያው ገጽ ላይ Background Application Max Frame Rate የሚል አለ። እሱን 20 አደረግነው። ጌሙን ወደ ታች አውርዶ ሌላ ነገር ሲሠራ ጌሙ በሰከንድ 20 ፍሬም ብቻ ይሠራል። ሜኑም ከእንግዲህ በ75 የተገደበ ስለሆነ ያ ጢዝዝ የሚለው ድምፅ ጠፋ።

በማግስቱ ማታ የክፍሉን ሙቀት ለካን። መስኮቱ እንደ ትናንቱ ተዘግቷል፤ መነሻው 28.0 ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ 30.5 ሆነ። ትናንት ጭማሪው 4.6 ዲግሪ ነበር፤ ዛሬ 2.5 ነው። ዋቱ ወደ ግማሽ ሲጠጋ የሙቀቱም ጭማሪ ወደ ግማሽ ተጠጋ። ልጁ ቴርሞሜትሩን አላየም። «ዛሬ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር አልተጣበቀም» ነው ያለኝ።

## ሁለተኛው እርምጃ፦ የካርዱን ኃይል መገደብ

የፍሬም ገደብ ለሬንደር ምንም አይሠራም። ሬንደር ሲደረግ የሚቆጠር ፍሬም የለም። ካርዱ አንዱን ምስል እስኪጨርስ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራል። እዚህ የሚሠራው ካርዱን «ከዚህ ዋት በላይ አትውሰድ» ማለት ነው። Command Prompt በአስተዳዳሪነት ተከፍቶ ሁለት ትእዛዝ ይበቃል። የመጀመሪያው ካርዱ የሚፈቅደውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ ያሳያል፤ ሁለተኛው ልኩን ያስቀምጣል።

```
nvidia-smi -q -d POWER
nvidia-smi -pl 220
```

የእሱ ካርድ ዝቅተኛው ልክ 100 ዋት ነበር። ለሙከራ አንድ የቪላ ምስል መረጥን። ባልተገደበ ካርድ 14 ደቂቃ የሚፈጅ ነው።

እዚህም መጀመሪያ ተሳስቻለሁ። ቀጥታ 180 ዋት አደረግኩት። ሬንደሩ 19 ደቂቃ ፈጀ። ሶኬቱ ላይ 310 ዋት ነበር። ከዚያ 220 ላይ ስንሞክር 15 ደቂቃ ተኩል ፈጀ፤ ሶኬቱ ላይ 350 ዋት። ሰው ሲያየው 310 ከ350 ያነሰ ነው፤ ስለዚህ 180ው ይቆጥባል ይላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። ቆጣሪ የሚቆጥረው ዋት በጊዜ ተባዝቶ ነው።

ሳይገደብ፦ 460 ዋት በ14 ደቂቃ፣ 107 ዋት ሰዓት ገደማ።
በ220፦ 350 ዋት በ15 ደቂቃ ተኩል፣ 90 ዋት ሰዓት ገደማ።
በ180፦ 310 ዋት በ19 ደቂቃ፣ 98 ዋት ሰዓት ገደማ።

ካርዱን ይበልጥ ስናንቀው ልጁ ጊዜም ከሰረ፤ መብራትም አባከነ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ካርዱ ብቻውን አይደለም የሚሠራው። ፕሮሰሰሩ፣ ሞኒተሩ፣ ሌላው ሁሉ ሬንደሩ እስኪያልቅ በርቶ ይጠብቃል። ሥራው በረዘመ ቁጥር የእነሱም ፍጆታ ይረዝማል። ሁለተኛው ራሱ ካርዱ ውስጥ ነው። የካርዱ ሜሞሪና ፋን የሚወስዱት ዋት ልኩ ስለወረደ እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ ቅነሳው በሙሉ የሚያርፈው ዋናው ቺፕ ላይ ነው።

ታዲያ ከ320 ወደ 220 ስንወርድ ለምን ጥቂት ብቻ ዘገየ? ቺፑ የመጨረሻዋን ትንሽ ፍጥነት ለማግኘት ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ አለበት። የሚወስደው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይጨምራል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቮልቴጁ ብቻ በ10 በመቶ ቢጨምር ኃይሉ በ21 በመቶ ይጨምራል። ፋብሪካው ካርዱን ያስቀመጠው እዚያ ውዱ ጫፍ ላይ ነው፤ በፍተሻ ሠንጠረዥ ላይ ጥቂት በመቶ እንዲበልጥ። ያንን ጫፍ መተው ርካሽ ነው። ከዚያ በታች ደግሞ ቮልቴጁ ብዙም አይወርድም፤ ስለዚህ የምንከፍለው በቀጥታ ፍጥነት ነው። መታጠፊያው የት እንደሆነ ከካርድ ካርድ ይለያያል። በእሱ ካርድ 220 አካባቢ ነበር።

ቮልቴጁን በእጅ ማውረድ የሚባለውንም ጠይቆኝ ነበር። በአግባቡ ከተሠራ ከዚህም የተሻለ ይቆጥባል። እኔ ግን ለእሱ አልመከርኩትም። ቮልቴጁ ለጥቂት ካነሰ ጌም ላይ ደህና ይመስልና ሌሊት ረጅም ሬንደር መሃል ይወድቃል። የደንበኛ ሥራ ለሚያስረክብ ሰው ያ አደጋ አያዋጣም። የዋት ገደብ ግን ካርዱን አይጎዳም፤ ሥራም አያስወድቅም።

## መብራት ሲጠፋ የሆነው

ከአንድ ሳምንት በኋላ ልጁ ደወለ። «ገደቡ አልሠራም፤ ክፍሉ እንደገና ጋለ» አለኝ። ሄጄ ካርዱን ስጠይቀው ልኩ 320 ላይ ተመልሷል። ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። በትእዛዝ የተሰጠ የዋት ልክ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይረሳል። Max Frame Rate ግን አልተነካም፤ እሱ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር በሚያገናኘው ሶፍትዌር፣ በድራይቨሩ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ጌሙ ደህና ሆኖ ሬንደሩ ብቻ ያጋለው። ልጁ ይህን ልዩነት አላስተዋለም ነበር።

እኔ ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ በእጅ የተሰጠ ልክ ዕድሜው አጭር ነው። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ትእዛዙ በራሱ እንዲሠራ አደረግን። አንድ ደቂቃ እንዲዘገይ ያደረግነው ድራይቨሩ ቀድሞ እንዲነሣ ነው።

```
schtasks /create /tn "GPU220" /sc onstart /delay 0001:00 /ru SYSTEM /rl HIGHEST /tr "nvidia-smi -pl 220"
```

ከዚያ ሆን ብለን ኮምፒውተሩን አጥፍተን አስነሣነው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ልኩን ስንጠይቅ 220 አለ። ይህን ፍተሻ ሳላደርግ ብወጣ ኖሮ ያው ሳምንት ይደገም ነበር።

ያልጠበቅነው ጥቅምም እዚሁ ተገኘ። ልጁ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚይዝ ትንሽ ዩፒኤስ አለው፤ ሳጥኑ ላይ 390 ዋት ይላል። ከዚህ በፊት መብራት ሲሄድ ጭነቱን አልችል ብሎ ወዲያው ይጠፋ ነበር። «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ትቶት ነበር። አሁን ጭነቱ 350 ወይም 250 ሆነለት። ሬንደሩን አቁሞ ፋይሉን የሚያስቀምጥበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል።

## የወሩ ንባብ

መጋቢት የሙከራ ወር ስለሆነ አልቆጠርነውም። ሚያዝያ ሙሉውን በአዲሱ አሠራር ሄደ። ከጳጉሜ በቀር የአበሻ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ከየካቲት ጋር ለማወዳደር ይመቻል። በቀን የሚጫወተውም የሚሠራውም በግምት አልተለወጠም፤ 4 ሰዓት ጌም፣ 3 ሰዓት ሬንደር።

የቆጣሪው ንባብ 88 ሆነ። ከ121 ጋር ሲነጻጸር 33 ኪሎዋት ሰዓት ቀንሷል። ከዚህ ውስጥ አራት አምስተኛው የመጣው ከፍሬም ገደቡ ነው። ጌም ሲጫወት በሰዓት 210 ዋት ሰዓት ይቀራል። በሬንደር በኩል በቀን የሚተርፈው ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ዋቱ ቢወርድም ሥራው ትንሽ ይረዝማልና። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋት ገደብ ነው። ጌም የሚጫወት ሰው ቀድሞ መንካት ያለበት ግን ፍሬሙን ነው።

ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወጣል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ራሱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። አንድ ቆጣሪ ለሚጋራ ግቢ ይህ ይከብዳል፤ የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል።  የሚያዝያ ደረሰኝ ሲመጣ ግቢው አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ተገኘ።

## ያልተፈታው

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያለው ሙቀት አልተፈታም። እሱን የሚያመጣው ቆርቆሮውና የምዕራቡ ፀሐይ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ክፍሉ 31 ዲግሪ ይገባል። የዋት ገደብ ከዚያ ላይ የሚጨመረውን ነው የሚቀንሰው። ልጁ ሬንደሩን ወደ ማታ 4 ሰዓት አዛወረው። በፊት ይህን አይችልም ነበር፤ ፋኑ እየጮኸ እንቅልፍ አያስወስደውም ነበር። በ220 ፋኑ ስለሚለሰልስ አጠገቡ ይተኛል። መስኮቱም ላይ የትንኝ መረብ አስገጥሞ ማታ ይከፍተዋል። መረቡን ሆን ብለን ከልኬቱ በኋላ ነው ያስገጠምነው፤ የቱ ምን እንደቀነሰ እንዳይደበላለቅብን።

አንድ ከባድ ጌም ደግሞ አለው። የብርሃን ነጸብራቁን በሙሉ ሲያበራ 75 ፍሬም ላይ አይደርስም። በዚህ ጊዜ የፍሬም ገደቡ ምንም አይሠራም፤ የሚይዘው 220ው ነው። ሁለቱ ገደቦች አንድ ላይ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። አንዱ ሲፈታ ሌላው ይይዛል።

## ለሌላ ክፍል ሲወሰድ

ይህን ለመድገም ለሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን ልንገረው። መጀመሪያ ሞኒተርህ በሰከንድ ስንት እንደሚያሳይ ዊንዶውስ ውስጥ እይ፤ ገደቡን በዚያው ቁጥር አድርግ። ቀጥሎ Power management mode የት እንዳለ አረጋግጥ። ከዚያ ካርዱ ምን ያህል እንደሚወስድ እየተጫወትክ ተመልከት። ይህ ትእዛዝ በየ5 ሰከንዱ ያሳይሃል።

```
nvidia-smi --query-gpu=power.draw,power.limit,temperature.gpu --format=csv -l 5
```

ውሳኔህን በመጀመሪያው ቁጥር ላይ አድርግ፤ ዲግሪው የሚነግርህ ስለ ካርዱ ጤና ነው። ሬንደር ወይም ሌላ ረጅም ሥራ የምትሠራ ከሆነ ልኩን በ20 ወይም በ30 ዋት እያወረድክ አንዱን ሥራ ደጋግመህ ሥራ፤ ጊዜውን ያዝና ከሶኬቱ ዋት ጋር አባዛ። ብዜቱ መልሶ መጨመር ሲጀምር አልፈኸዋል፤ አንድ ደረጃ ተመለስ።

ላፕቶፕ ላይ የዋት ልኩ ብዙ ጊዜ በዚህ ትእዛዝ አይቀየርም። የፍሬም ገደቡ ግን ይሠራል። የኤኤምዲ ካርድ ያለው ሰው የፍሬም ገደቡን በራሱ በካርዱ ሶፍትዌር ውስጥ ያገኘዋል። የዋት ልኩ ግን በአንዳንዶቹ ካርዶች ላይ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው የሚወርደው፤ እዚያ ፍሬሙ ላይ መደገፍ ይሻላል። ድራይቨር ከባዶ እንደ አዲስ ሲጫን ደግሞ Max Frame Rate ወደ ነበረበት ይመለሳል። ልጁ ላይ ሰኔ ውስጥ ይህ ሆኗል። ያወቀውም በድምፁ ነው፤ ሜኑ ላይ ያ ጢዝዝታ ተመልሶ ሰማ። አስተካክሎት ነው የደወለልኝ።

አሁን በወሩ መጨረሻ አከራይዋ ቆጣሪውን ራሳቸው ያነባሉ። እሱ ቁጥሩን በሩ ጀርባ ላይ በለጠፈው ወረቀት ላይ ይጽፋል። ከ121 በታች ያሉት ቁጥሮች ሦስት ደርሰዋል።